5 ዓመት ልምድ ሲጠየቅ 3 ዓመት ይዞ ማመልከት፦ ከሁለቱም ወገን ያየሁት

በሒሳብ ሥራ ላይ በተሰማራሁ በአራተኛው ዓመት፣ ለረጅም ጊዜ ስመኘው የነበረ ዓይነት ክፍት የሥራ መደብ ወጥቶ አየሁ። ማስታወቂያው 5 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ እኔ የነበረኝ 3 ዓመት ከ6 ወር ነበር። የሥራውን ዝርዝር ደጋግሜ ሳነበው ከዚያ ቁጥር በቀር የማላሟላው ነገር አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ማመልከቻውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ አምስት ተብሎ በግልጽ በተጻፈበት ቦታ ሦስት ተኩል ይዤ መቅረቡ አሳፋሪ መስሎ ስለ ታየኝ ሳልልከው ቀረሁ። ከወራት በኋላ በአንድ የሙያ ሥልጠና ላይ ያንን መደብ ከያዘው ባልደረባ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጥን፤ ሲቀጠር የነበረው ልምድ 3 ዓመት ብቻ እንደ ነበር በጨዋታ መካከል ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሰው ሀብት ሥራ ተዛውሬ ለበርካታ ዓመታት በቅጥር ኮሚቴዎች ውስጥ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛው የሒሳብና የፋይናንስ መደቦች ምልመላ ነበር። ይህን የምጽፈው በአንድ በኩል እኔ እንዳደረግሁት ቁጥሩን አይተው ለሚመለሱ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ቁጥሩን ከምንም ሳይቆጥሩ ላገኙት ማስታወቂያ ሁሉ ለሚያመለክቱ ሰዎች ነው። ሁለቱም ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ባለማወቅ የሚፈጠሩ ስሕተቶች ናቸውና።

የዓመት ቁጥር በማስታወቂያ ላይ እንዴት እንደሚሰፍር በቅርብ ያየሁት አንድ ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ ስንፈልግ ነው። የፋይናንስ ኃላፊው የላኩልን የቅጥር ጥያቄ «5 ዓመትና ከዚያ በላይ» ይል ነበር። አምስት የሆነበትን ምክንያት ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና፣ መደቡን የለቀቀችው ባለሙያ ስድስት ዓመት እንደ ነበራት፣ ያለፈው ማስታወቂያም አምስት ይል እንደ ነበር ነገሩኝ። እኔም የድሮውን ፋይል አውጥቼ ስመለከት፣ ያ ማስታወቂያ ራሱ ከዚያ በፊት ከነበረው ቃል በቃል የተገለበጠ ሆኖ አገኘሁት። አምስት የሚለውን ቁጥር በመጀመሪያ ማን እንደ ጻፈውና ለምን እንደ ጻፈው የሚያውቅ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። በኋላ በሌሎች መደቦችም ተመሳሳይ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ቁጥሩ አንዳንዴ የሚመጣው ከደመወዝ እርከን ነው፣ ማለትም ለዚያ እርከን ይህን ያህል ዓመት ይጠየቃል የሚል የውስጥ ሰንጠረዥ ስላለ ብቻ ይጻፋል፤ አንዳንዴም የአመልካቹን ብዛት ለመቀነስ ታስቦ ከፍ ይደረጋል።

ለኃላፊው ያቀረብኩላቸው ሁለተኛ ጥያቄ ግን ነገሩን ለወጠው። «አምስት ዓመት የሠራ ሰው ሦስት ዓመት ከሠራ ሰው በተለየ ምን እንዲያውቅልዎት ይፈልጋሉ?» አልኳቸው። መልሳቸው እንዲህ የሚል ነበር፦ የዓመት መዝጊያ ሒሳብን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሠራ፣ ከውጭ ኦዲተር ጋር ተቀምጦ ጥያቄ የመለሰ፣ ሒሳቡ አልገጥም ባለ ቁጥር ወደ እርሳቸው ቢሮ የማይሮጥ ሰው ነው የሚፈልጉት። ቁጥሩ የሚተካው ይህንን ነበር። ልብ ብሎ ለተመለከተው ደግሞ ከሦስቱ አንዱም በዓመት የሚለካ አይደለም፤ የመጀመሪያው በዙር ይቆጠራል፣ ሁለተኛው ሆኗል ወይም አልሆነም የሚባል ነገር ነው፣ ሦስተኛው ሰውየው እስከ ዛሬ ለብቻው ተትቶ ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚል ጥያቄ ነው። የዓመት መዝጊያ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ሥራ በመሆኑ፣ በቀላሉ በአጭር ጊዜ ተደጋግሞ ሊሠራ አይችልም፤ ስለዚህ ዓመት ጨርሶ ትርጉም የለውም ማለት አልችልም። ሁለት ዙር ያየ ሰው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በላይ በሥራው ላይ መቆየቱ ግድ ነው። አምስት መሆኑ ግን ግድ አይደለም።

ከቀረቡት ሲቪዎች ውስጥ ሦስቱን ላንሣ። የመጀመሪያው አመልካች 7 ዓመት ልምድ ነበረው፤ ሰባቱንም ዓመት የሠራው በአንድ ትልቅ ድርጅት የአቅራቢዎች ክፍያ ክፍል ውስጥ ነው። ደረሰኝ ያመሳክራል፣ ክፍያ ያዘጋጃል፣ ያስፈርማል። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ያስታውቅ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ድርጅት የዓመቱን ሒሳብ የሚዘጋው ሌላ ክፍል ስለ ነበር፣ አንድም ጊዜ በመዝጊያ ላይ አልተሳተፈም። ሁለተኛዋ 3 ዓመት ከ2 ወር፣ ማለትም 38 ወር ነበራት። የሠራችው ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች ብቻ ባሉበት ትንሽ ድርጅት ሲሆን፣ በ38 ወር ውስጥ ሦስት የዓመት መዝጊያ አልፏል፤ የመጀመሪያውን በረዳትነት፣ የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ አለቃዋ ሥራ ስለ ለቀቁ ለብቻዋ ሠርታለች። ሦስተኛው 1 ዓመት ከ4 ወር ነበረው፤ የትምህርት ውጤቱ ከሁሉም የላቀ፣ ደብዳቤውም የተዋበ ነበር፤ ያየው መዝጊያ ግን አንድ ብቻ ነው፣ ያም ሰነድ በማቅረብና ፎቶ ኮፒ በማንሣት የተወሰነ።

ቁጥሩን እንደ በር ጠባቂ ብንጠቀምበት ኖሮ የመጀመሪያው ብቻ ያልፍ ነበር። በኃላፊው ሦስት ጥያቄዎች ስንመዝናቸው ግን ባለ 38 ወሯ ከሁሉም ትቀርባለች። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት አመልካቾች የሥራ ናሙና ፈተና ሰጠናቸው፤ ሦስተኛውን ለምን እንዳልጠራነው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ፈተናው የዴቢትና የክሬዲት ድምሩ ሆን ተብሎ በ5,400 እንዳይገጥም የተደረገ የሙከራ ሚዛን ነበር፤ ስሕተቱን ፈልጎ ማግኘት ነው የሚጠበቅባቸው። ባለ 7 ዓመቱ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እያንዳንዱን መዝገብ ከሰነዱ ጋር ማመሳከር ጀመረ፤ ዘዴው ትክክል ነው፣ የተሰጠው አንድ ሰዓት ግን ከግማሽ ሳያልፍ አለቀበት። ወጣቷ መጀመሪያ ያደረገችው 5,400ን ለ9 ማካፈል ነበር። ልዩነቱ ያለ ቀሪ ለ9 ሲካፈል፣ አንድ ሰው ቁጥሮችን አቀያይሮ መዝግቦ ሊሆን እንደሚችል በሒሳብ ሥራ የታወቀ ምልክት ነው። ስለዚህ በቀጥታ የሺህ ቤትና የመቶ ቤት ቁጥራቸው የተቀያየረ መዝገቦችን ፈለገችና 8,200 መሆን ሲገባው 2,800 ተብሎ የሰፈረውን መስመር በሩብ ሰዓት ውስጥ አገኘችው። ይህን የት እንደ ተማረች ስንጠይቃት፣ ሁለተኛውን መዝጊያ ለብቻዋ ስትሠራ አንድ ሳምንት ሙሉ ያልገጠመ ሒሳብ ገጥሟት እንደ ነበር ነገረችን። ኃላፊው በሁለት ዓመት ያነሰ ልምድ አላት የሚለውን ነገር ከዚያ በኋላ አላነሡትም፤ እርስዋም ተቀጠረች።

ይህ አንድ አጋጣሚ ብቻ ነው ለሚል ሰው፣ በዘርፉ በሰፊው የሚጠቀስ ጥናት አለ። ፍራንክ ሽሚት እና ጆን ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1998 ለአሥርት ዓመታት የተከማቹ የቅጥር ጥናቶችን አጠናቅረው ባሳተሙት ሥራ፣ የልምድ ዓመት ብዛት ከኋለኛው የሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና 0.18 ሲሆን፣ የሥራ ናሙና ፈተና ግን 0.54 ሆኖ ተገኝቷል፤ ፍጹም ዝምድና ቢኖር ኖሮ 1 ይሆን ነበር። ለአመልካች ይበልጥ የሚጠቅመው ግን እነዚሁ ሰዎች ከማይክል ማክዳንኤል ጋር ሆነው በ1988 ያወጡት ግኝት ይመስለኛል፤ ልምድ ከሥራ ውጤት ጋር ጠንከር ያለ ዝምድና የሚያሳየው የሠራተኞቹ አማካይ ልምድ ጥቂት ዓመት በሆነባቸው ቦታዎች ነው፣ ዓመቱ እየጨመረ ሲሄድ ዝምድናው ይላላል። ይህ እኔ በኮሚቴ ካየሁት ጋር ይገጥማል። በአንድ ዓመትና በሁለት ዓመት ልምድ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ በስምንትና በዘጠኝ መካከል ያለውን ግን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦም መለየት ይከብዳል።

ስለዚህ ስንት ቢጎድል ይበቃል ለሚለው ጥያቄ የምሰጠው መልስ እንደ ተጠየቀው ቁጥር ይለያያል። 2 ዓመት ተጠይቆ 1 ዓመት ያለው ሰው የጎደለው ግማሹ ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር ብቻ አይቷል ማለት ስለሆነ፣ ያ ዓመት በጣም የተሟላ ካልነበረ በቀር ያስቸግራል። 5 ተጠይቆ 3 እና ከዚያ በላይ ያለውን ሰው ሲቪ ሁልጊዜ በጥሞና አነባለሁ፤ ከሁለት ተኩል በታች ሲሆን ግን የተለየ ምክንያት እፈልጋለሁ። 10 ተጠይቆ 7 ያለው ሰው ላይ ሦስቱ ዓመት ራሱ አያሳስበኝም፤ እዚያ ደረጃ ላይ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሰው መርተህ ታውቃለህ ወይ ነው፣ ሰባት ዓመት ሠርቶ ሦስቱን ቡድን የመራ ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ለብቻው ከሠራ ሰው ይቀድማል። «ከ3 እስከ 5 ዓመት» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ እውነተኛው መስፈርት ሦስቱ ነው፤ ሁለት ዓመት ከምናምን ወር ያለው ሰው ከሦስቱ አንጻር እንጂ ከአምስቱ አንጻር ራሱን መለካት የለበትም።

ይሁን እንጂ ጉድለቱን የሚወስነው የአመልካቹ ብቃት ብቻ እንዳልሆነ የተማርኩት ራሴ በፈጸምኩት ስሕተት ነው። ከላይ ከተናገርኩት ቅጥር ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በተመሳሳይ የ5 ዓመት መደብ ላይ 2 ዓመት ልምድ ያላትን አመልካች አጥብቄ ደገፍኩ። ፈተናውን ከሁሉም በላይ ሠርታለች፣ በቃለ መጠይቁም ጥያቄን ከሥሩ የምትረዳ ሰው መሆኗ ታይቷል። ያልጠየቅሁት አንድ ነገር ነበር፦ መደቡ ያለው በቅርንጫፍ ሲሆን፣ በዚያ ቅርንጫፍ የሒሳብ ሙያ ያለው ሌላ ሰው አልነበረም። የቅርብ አለቃዋ የሙያው ሰው ስላልነበሩ የምታቀርብላቸውን ጥያቄ ሊመልሱላት አይችሉም ነበር። በሦስተኛው ወር የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያዎች መዘግየት ጀመሩ፤ ስንመረምር፣ ያልገባትን ነገር «ወደ ፊት የሚጣራ» በሚል አንድ ሒሳብ ውስጥ እያጠራቀመች እንደ ነበር ተገነዘብን። የሚጠይቁት ሰው ለሌለው ጀማሪ ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። በስድስተኛው ወር በራሷ ፈቃድ ለቀቀች። ያቺ ልጅ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ልምድ ያለው ባለሙያ አጠገብ ተመድባ ቢሆን ኖሮ በዓመቱ ጎበዝ ባለሙያ ትሆን እንደ ነበር አሁንም አምናለሁ፤ ጥፋቱ የእርስዋ ሳይሆን የኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማንኛውንም አመልካች የልምድ ጉድለት ከማየቴ በፊት የምጠይቀው፣ ይህ ሰው ሲቸግረው ማንን ይጠይቃል የሚለውን ነው። አመልካችም ይህንኑ ከማስታወቂያው ለማንበብ መሞከር ይችላል። «በቡድን ውስጥ»፣ «በከፍተኛ ባለሙያ ሥር»፣ «ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር በመሆን» የሚሉ ሐረጎች ካሉ ጉድለቱ ሊሸፈን ይችላል፤ «ለብቻው»፣ «ያለ የቅርብ ክትትል»፣ «ክፍሉን በማቋቋም» የሚል ካለ ግን የተጠየቀው ቁጥር በአብዛኛው የምር ነው። በማስታወቂያው ካልተገለጸ በቃለ መጠይቅ ላይ ክፍሉ ስንት ሰው እንዳለውና ማን ማንን እንደሚያግዝ መጠየቅ ነውር የለውም፤ እኔ ይህን የሚጠይቅ አመልካች ሲገጥመኝ በበጎ ነው የማየው።

ጨርሶ የማይላሉ ቁጥሮችም አሉ። የሙያ ፈቃድ ለማግኘት በሕግ የተወሰነ የልምድ ዘመን፣ አሠሪው በጨረታ ያሸነፈበትና ደንበኛው የባለሙያዎቹን ዓመት በውል ያሰፈረበት ሥራ፣ እንዲሁም በነጥብ ሰንጠረዥ የሚቀጥሩና ከመስፈርቱ በታች የሆነን አመልካች መመዝገብ በመተዳደሪያ ደንባቸው የተከለከሉ መሥሪያ ቤቶች በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። እዚያ ኮሚቴው ቢወድህም ሊያሳልፍህ አይችልም፤ አንድ ወር ቢጎድልም ጎደለ ነው። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በቃሉ ውስጥ ይገኛል፦ «አግባብነት ያለው»፣ «ከምረቃ በኋላ»፣ «በማስረጃ የተደገፈ» የሚሉት ቃላት በአንድ ላይ ከመጡ፣ አንድ ሰው ሰነዶቹን ይዞ ወር እየደመረ እንደሚቆጥር መገመት ይገባል። «ይመረጣል» ወይም «ቅድሚያ ይሰጣል» የሚል ቃል ካለ ግን ራሳቸው በሩን ክፍት አድርገውታል። ማስታወቂያው ለሁለተኛ ጊዜ ከወጣም፣ በመጀመሪያው ዙር ቁጥሩን የሚያሟላ ሰው አላገኙም ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ መጀመሪያ የተዉትን ሰው እንደ ገና ማየታቸው የተለመደ ነው።

ስለ አቆጣጠርም አንድ ነገር ልበል። ልምድ የሚቆጠረው በወር ነው፤ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ የሠራ ሰው የተደራረቡትን ወራት ሁለት ጊዜ መቁጠር አይችልም፣ በሳምንት ሁለት ቀን የተሠራን ሥራም እንደ ሙሉ ጊዜ ማቅረብ አይገባም። የተለማማጅነት ጊዜን ለብቻው ጽፎ ማሳየት ይሻላል። 3 ዓመት ከ2 ወርን «4 ዓመት ገደማ» ብሎ የሚጽፍ አመልካች ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ቀኑ ስለሚታይ ልዩነቱ አይደበቅም፣ ጉድለቱን ልናልፍለት የምንችለውን ሰው በአጻጻፉ ምክንያት ለመተው እንገደዳለን። በኤሌክትሮኒክ ቅጽ ላይ «5 ዓመት ልምድ አለህ?» ተብሎ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ምረጥ ሲባል ችግሩ ይከብዳል። የኔ ምክር እውነቱን መልሶ፣ ሥርዓቱ ካስወጣ ደግሞ ለክፍሉ ኃላፊ አጭር ደብዳቤ በቀጥታ መላክ ነው። ሁልጊዜ ይሳካል አልልም፤ ነገር ግን አዎ ብሎ ያለፈ ሰው ቃለ መጠይቁ መጀመሪያ ላይ ሲጋለጥ የሚሆነውን ስላየሁ፣ ያንን መንገድ ለማንም አልመክርም።

ባለ 38 ወሯ የጻፈችው ደብዳቤ እስከ ዛሬ ለሌሎች የማሳየው ነው። ጉድለቱን አልደበቀችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችበትም። ሁለተኛው አንቀጽ እንዲህ ይል ነበር፦ «የተጠየቀው 5 ዓመት ሲሆን እኔ ያለኝ 3 ዓመት ከ2 ወር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት የዓመት መዝጊያ ሒሳቦችን የሠራሁ ሲሆን፣ ሁለቱን ለብቻዬ አጠናቅቄ ለውጭ ኦዲተሮች ማብራሪያ ሰጥቻለሁ። የተጠናከረ የበርካታ ቅርንጫፎች ሒሳብ ግን አልሠራሁም።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው ኃላፊውን ያሳመናቸው። የማታውቀውን ለይታ የነገረችን ሰው አውቃለሁ ያለችውን ለማመን አልተቸገርንም።

አሁን ስለ ሦስተኛው፣ ስለ ባለ 1 ዓመት ከ4 ወሩ ልመለስ። ያልጠራነው ቁጥሩ ስላነሰ ብቻ አልነበረም፤ ኃላፊው ከዘረዘሯቸው ሦስት ነገሮች አንዱንም ሊያሳይ የሚችልበት አጋጣሚ ገና አላገኘም ነበር። ደውዬ ይህንኑ ነገርኩት፣ አሁን ባለበት ቦታ የሚቀጥለውን መዝጊያ ከረዳትነት ከፍ ባለ ድርሻ እንዲሠራ አለቆቹን እንዲጠይቅ፣ ኦዲተሮች ሲመጡም አብሮ እንዲቀመጥ መከርኩት። ከሁለት ዓመት ትንሽ ቆይቶ ለሌላ መደብ አመለከተ፤ ያኔም የተጠየቀው 5፣ የነበረው 3 ዓመት ከ7 ወር ነበር። በዚህ ጊዜ ግን በሲቪው ላይ ሦስት መዝጊያዎችን ከነድርሻው ዘርዝሮ ስለ ነበር ያለ ብዙ ክርክር ለፈተና ጠራነው።

ማስታወቂያውንም ከዚያ ወዲህ ለውጠነዋል። አሁን «የዓመት መዝጊያ ሒሳብ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከመነሻ እስከ መጨረሻ የሠራ፣ ለውጭ ኦዲት ማብራሪያ የሰጠ» ይላል። ዓመቱን ጨርሶ ለማውጣት ብንጠይቅም የደመወዝ እርከኑ ሰንጠረዥ ቁጥር ስለሚፈልግ አልተፈቀደልንም፤ 5 የነበረውን ግን ወደ 3 ዝቅ አድርገነዋል።